ዩፒኤሱ 100% ይላል፣ መብራት ሲጠፋ ግን አንድ ደቂቃ አይቆይም (ሐዋሳ)

ሒሳብ_ሐዋሳ (ሰኞ፣ ከቀኑ 9:20)

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ የሒሳብ ሥራ የምንሠራ ሦስት ሰዎች ነን። የደንበኞቻችን የፒችትሪ ፋይል በሙሉ ያለው አንድ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ሁለቱ ልጆች በላፕቶፕ ሆነው በኔትወርክ ከእሱ ላይ ይሠራሉ። ያ ኮምፒውተርና ራውተሩ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ላይ ተሰክተዋል። አዲስ ከተገዛ ገና 14 ወሩ ነው።

ሰሞኑን መብራት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይሄዳል። ባለፈው ሐሙስ የቫት ማሳወቂያ እያዘጋጀን ሳለ ጠፋ፤ ዩፒኤሱ ጥቂት ጮኸና ኮምፒውተሩን ይዞት ጠፋ። የአንድ ደንበኛ ፋይል ተበላሽቶ ከመጠባበቂያው መልሰን የሁለት ቀን ሥራ እንደገና አስገባን። የሚገርመኝ ግን አብሮት በሲዲ የመጣው ፕሮግራም ጠዋትም ከሰዓትም ስከፍተው «ባትሪ 100%» ነው የሚለኝ። 100% የሆነ ባትሪ እንዴት አንድ ደቂቃ አይቆይም? ሊሞት መሆኑን ቀድሜ የማውቅበት መንገድ የለም?

ቴስተር_በኪሴ (ሰኞ፣ ከቀኑ 9:48)

እህቴ፣ ዝም ብለው ባትሪ ቀይሪ እንዳይሉሽ። ክፈቺውና ቀዩንና ጥቁሩን በቴስተር ለኪ። ከ12.5 ቮልት በላይ ካለ ባትሪው ጤነኛ ነው፣ በሽታው ቦርዱ ላይ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ባትሪው ነው። ሌላ ምንም አያስፈልግሽም።

ዲቫይደር (ሰኞ፣ ከቀኑ 10:05)

የኛም ቤት ቮልቴጁ ይወጣል ይወርዳል። 2000 ቪኤ ስታብላይዘር ገዝቼ ገላገለኝ፣ ፍሪጁም ቴሌቪዥኑም ደህና ናቸው። አንቺም እሱን ብትገዢ ይሻልሻል።

ሒሳብ_ሐዋሳ (ሰኞ፣ ከቀኑ 10:40)

@ዲቫይደር አመሰግናለሁ፣ ግን የኔ ችግር መብራቱ ጭራሽ ሲጠፋ ነው። ስታብላይዘር የሌለ መብራት አይሰጠኝም 🙂

@ቴስተር_በኪሴ ልጁ ከፍቶ ለካው፤ 13.6 ነው። ስለዚህ ቦርዱ ነው ማለት ነው?

ጋሽ_ትራንስፎርመር (ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:15)

ቆይ ቆይ፣ ቦርዱን አትንኪው። ዩፒኤሱ ሶኬት ላይ እንደተሰካ ነው የለካችሁት አይደል? 13.6 የባትሪው ሳይሆን የቻርጀሩ ቮልት ነው። ቻርጀሩ እየገፋው ያለ 12 ቮልት ባትሪ፣ አዲስም ይሁን የሞተ፣ 13.5 ወይም 13.7 አካባቢ ያሳያል።

ያ 100% የሚለውም ከዚሁ ቮልት ተሰልቶ የወጣ ነው። ርካሾቹ ዩፒኤሶች ባትሪው ውስጥ ምን ያህል ጉልበት እንዳለ የሚለኩበት ነገር የላቸውም፤ ቮልቱን ያዩና ይገምታሉ። እንስራ አስቢ። ከሥሩ እስከ አንገቱ አሸዋ የሞላበት እንስራ ሁለት ኩባያ ውኃ ሲጨመርበት እስከ አፉ ይደርሳል። ከላይ ያየው ሰው «ሙሉ ነው» ቢል አልዋሸም፤ ሲቀዳ ግን የሚወጣው ሁለት ኩባያ ብቻ ነው። ያረጀ ባትሪ እንደዚያ ነው።

እውነቱ የሚታወቀው ሲቀዳ፣ ማለትም ጭነት ይዞ መብራት ሲጠፋ፣ ቮልቱ በየሰከንዱ እንዴት እንደሚወርድ በመመዝገብ ነው። ዩፒኤሱ የዩኤስቢ ገመድ አለው? አሮጌ ግን የራሱ ባትሪ ግማሽ ሰዓት የሚይዝ ላፕቶፕ ይገኛል? ኡቡንቱ ጫኑበትና ገመዱን እሱ ላይ ሰክታችሁ `lsusb` ብላችሁ የሚወጣውን ላኩልኝ።

አንድ ማሳሰቢያ ለልጁ፦ ሶኬቱን ነቅሎም ቢሆን ዩፒኤሱ እስካልጠፋ ድረስ ውስጡ 220 አለ። ሁለተኛ ሲከፍተው መጀመሪያ ይንቀለውና ያጥፋው።

ቴስተር_በኪሴ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:32)

ጋሼ፣ እኔ ያልኩት ነቅሎ ለመለካት ነው፣ መናገሩን ረስቼ ነው።

ጋሽ_ትራንስፎርመር (ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:50)

ተነቅሎ ለጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ የሚለካው በእርግጥ የተሻለ ነው፤ ከ12 በታች ከሆነ ባትሪው እንዳበቃለት ይነግርሃል። ግን 12.7 አሳይቶ ጭነት ሲነካው የሚወድቅም ሞልቷል። ቴስተሩ ልክ ነው፣ የጠየቅከው ጥያቄ ነው ያነሰው።

ፍራንኮ_ስቱዲዮ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10)

ከአዳማ ነኝ፣ ፎቶ ስቱዲዮ አለኝ። የኔ ደግሞ ይባስ ብሎ ጄኔሬተር አስነስቼ እንኳ ዩፒኤሱ ጠቅ ጠቅ እያለ ባትሪ ላይ ይቆያል፣ ከዚያ ባትሪው አልቆ ይጠፋል። ጄኔሬተሩ 220 ይሰጣል፣ ለክቼዋለሁ። የኔም ባትሪ ነው?

ሒሳብ_ሐዋሳ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:30)

ላፕቶፕ ተገኘ። የእህቴ ልጅ ኡቡንቱ ጫነልኝ። `lsusb` ሲል ይህ መጣ፦

```
ID 0665:5161 Cypress Semiconductor USB to Serial
```

ጋሽ_ትራንስፎርመር (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:05)

የጠበቅኩት ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ዩፒኤሶች፣ ፊታቸው ላይ የተጻፈው ስም ምንም ይሁን፣ ይህንኑ ቁጥር ነው የሚያሳዩት። `nut` የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ያውቃቸዋል። ልጁ `sudo apt install nut` ይበል፣ `/etc/nut/nut.conf` ውስጥ `MODE=standalone` ያድርግ፣ ከዚያ `/etc/nut/ups.conf` ውስጥ ይህን ይጨምር፦

```
[biro]
    driver = nutdrv_qx
    port = auto
    vendorid = 0665
    productid = 5161
```

ላፕቶፑን አጥፍቶ ያስነሳውና `upsc biro` ይበል። `battery.voltage`፣ `input.voltage` እና `ups.status` ከመጡ ግንኙነቱ ሠርቷል። `OL` ማለት መብራት አለ፣ `OB` ማለት ባትሪ ላይ ነው፣ `LB` ማለት ሊያልቅ ነው። `battery.charge` የሚለውን ለጊዜው አትዪው፤ ያው ሐሰተኛው 100% ነው።

ከዚያ በየ5 ሰከንዱ እንዲጽፍ ይህን ያስጀምር፦

```
while true; do
  echo "$(date '+%F %T') $(upsc biro battery.voltage 2>/dev/null) $(upsc biro ups.status 2>/dev/null)" >> ~/ups.log
  sleep 5
done
```

ፈተናውን በሒሳቡ ኮምፒውተር እንዳትሠሩት። እሱን ከዩፒኤሱ ንቀሉትና በምትኩ የድሮውን፣ ክር ያለውን የ100 ዋት አምፖል ስኩ። ኮምፒውተርሽ ከነስክሪኑና ከራውተሩ እዚያው አካባቢ ነው የሚበላው። ከዚያ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳው ንቀሉ።

ዲቫይደር (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:40)

ጋሼ፣ እኔም ቤቴ ያለውን በአምፖል ሞከርኩት፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ በራ! የኔ ባትሪ በጣም ምርጥ ነው ማለት ነው።

ጋሽ_ትራንስፎርመር (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:52)

ኤልኢዲ አምፖል ነው የሰካኸው አይደል? እሱ 10 ዋት ነው። ሽማግሌ ባዶ እጁን ስለሄደ ኩንታል ይሸከማል አይባልም።

ሒሳብ_ሐዋሳ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:25)

የ100 ዋቱን አምፖል ፍለጋ ብቻ አራት ሱቅ ዞርን። ውጤቱ እነሆ፦

```
14:07:05 13.6 OL
14:07:10 11.6 OB
14:07:20 11.1 OB
14:07:30 10.8 OB
14:07:40 10.3 OB LB
```

ከዚያ ጠፋ። ሠላሳ ሰከንድ! 14:07 የሚለው ምንድን ነው ደግሞ፣ ያደረግነው 8 ሰዓት ላይ ነው።

ኔትወርክ_ልጅ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:31)

የኮምፒውተሩ ሰዓት ነው፣ 6 ቀንሺለት። 14:07 ማለት ከቀኑ 8:07።

ጋሽ_ትራንስፎርመር (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12:40)

ባትሪው ሞቷል፣ ጥርጥር የለውም። ጭነት እንደነካው ሁለት ቮልት ወደቀ። ደህናው ባትሪ በዚህ ጭነት ወደ 12.2 ይወርድና እዚያ አካባቢ ተረጋግቶ በቀስታ ነው የሚወርደው። ቦርዱ ግን ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ ወዲያው ወደ ባትሪ አዞረ፣ ሲያልቅም `LB` ብሎ አስጠነቀቀ። ማስጠንቀቂያው ከመጥፋቱ በፊት አምስት ሰከንድ ብቻ መሆኑ የባትሪው ጥፋት ነው።

የሚገባለት 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የሚባለው ነው፤ ከመግዛትሽ በፊት የአሮጌውን ጽሑፍ አይተሽ አረጋግጪ። ሱቅ ስትሄጂ ቴስተር ያዢ። መደርደሪያ ላይ ያለ ባትሪ ምንም ሳይነካው ራሱን ይበላል፤ ከ12.6 በላይ ከሆነ ውሰጂ፣ ከ12.4 በታች ከሆነ ቆይቷልና ሌላ አስመርጪ፣ 12 ከደረሰ በነፃም አትውሰጂው። ስትገጥሚው ቢያንስ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ይሁን፣ ከዚያ ያንኑ ፈተና ድገሚ። 11.2 ሲደርስ ግን መልሰሽ ሰኪ፤ እስኪሞት ድረስ መፈተን ራሱ ይጎዳዋል።

ቴስተር_በኪሴ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:05)

ለምን 7 አምፔር ትገዛለች? የመኪና ባትሪ 60ውን ከውጭ በገመድ ብትቀጥለው ቀኑን ሙሉ ትሠራለች። እኔ አንድ ቤት ሠርቼ አይቻለሁ።

ጋሽ_ትራንስፎርመር (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:30)

ይሠራል፣ አልዋሸህም። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። የዚህ ዩፒኤስ ቻርጀር ከአንድ አምፔር አይበልጥም፣ 60ውን ለመሙላት ከሁለት ቀን በላይ ይፈልጋል፤ መብራት በየቀኑ በሚሄድበት ከተማ አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላ ይኖራል። ትራንስፎርመሩም ለአሥር ለሃያ ደቂቃ እንጂ ለሦስት ሰዓት የተሠራ አይደለም፣ ይቃጠላል። የመኪና ባትሪ ሲሞላ የሚተፋው ጋዝ ደግሞ በተዘጋ ቢሮ ውስጥ አይሆንም። ቀኑን ሙሉ መሥራት የፈለገ ሰው ለዚያ የተሠራ ኢንቨርተር ይግዛ። እሷ የፈለገችው ፋይሉን አስቀምጦ መዝጊያ ጊዜ ነው።

ሒሳብ_ሐዋሳ (ሐሙስ፣ ከቀኑ 5:10)

አዲሱ ገባ፤ ሱቅ ላይ 12.8 ነበር። በዚያው አምፖል ስንፈትነው ወዲያው 12.2 ሆነ፣ 5ኛው ደቂቃ ላይ 12.0፣ 10ኛው ላይ 11.7፣ 15ኛው ላይ 11.4። እዚያ ላይ መለስነው። ፕሮግራሙ አሁንም 100% ነው የሚለው፣ ልክ እንደ ሞተው 😄

አሁን ሰው በሌለበት ራሱን እንዲዘጋ እፈልጋለሁ። ሲዲው ላይ የመጣው ፕሮግራም «ባትሪ 20% ሲደርስ ዝጋ» ተብሎ ነው የተሞላው።

ኔትወርክ_ልጅ (ሐሙስ፣ ከቀኑ 6:00)

20%ውን እርሺው። ፐርሰንቱ ግምት ስለሆነ ባትሪው ሲያረጅ ከ100 ወደ 0 በአንዴ ይዘላል፤ 20ን ሳያይ ያልፋል። በጊዜ አድርጊው፦ መብራት ከጠፋ 3 ደቂቃ ከሆነው ዝጋ። ከጠፋው ውስጥ ብዙው ወዲያው ስለሚመለስ በትንሽ በትልቁ እንዳይዘጋብሽ ሦስት ደቂቃ ይበቃል፤ ባትሪው ደግሞ ገና ብዙ ይቀረዋል። እነዚህ ፕሮግራሞች ቅንብራቸው ውስጥ በደቂቃ የሚሞላ ቦታ አላቸው።

ዩኤስቢው አንድ ስለሆነ ወይ ላፕቶፑ ወይ ዋናው ኮምፒውተር ነው የሚያየው። አንድ ሳምንት ላፕቶፑ ላይ ይቆይና ይመዝግብ፣ ከዚያ ወደ ዋናው መልሺው። ሁለቱም እንዲያዩ ከተፈለገ ላፕቶፑ በኔትወርክ እንዲያካፍል ማድረግ ይቻላል፣ ዊንዶውሱ ላይ `WinNUT-Client` ይጫናል፣ በር ቁጥሩ 3493 ነው። ያኔ ራውተሩ የግድ ዩፒኤሱ ላይ ይሁን፤ ራውተሩ ከጠፋ ዝጋ የሚለው ትእዛዝ የሚሄድበት መንገድ የለም።

ልጆቹ ዩፒኤሱ እንደጮኸ ፒችትሪውን አስቀምጠው ይውጡ። ዋናው ኮምፒውተር ቢዘጋም እነሱ ፋይሉን ከፍተው ከጠበቁት ብልሽቱ ያው ነው። መዝጋት ሳይሆን «ሃይበርኔት» ይሁን የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን በኔትወርክ የተከፈተ ፋይል ባለበት ሃይበርኔትን አላምነውም።

ቴስተር_በኪሴ (ሐሙስ፣ ከቀኑ 6:20)

እኔ ሃይበርኔት ነው የማደርገው፣ አንድም ቀን አልተበላሸብኝም።

ኔትወርክ_ልጅ (ሐሙስ፣ ከቀኑ 6:24)

ብቻህን ስለምትሠራ ነዋ።

ሒሳብ_ሐዋሳ (የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ፣ ከቀኑ 4:15)

ጋሼ፣ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። በሳምንቱ መብራት የጠፋባቸውን ሰዓቶች ከመዝገቡ ላይ ለቀምኩ። የቀኖቹን አውቃቸዋለሁ። ግን ከእሑድ በቀር በየቀኑ ማታ ይህን የመሰለ አለ፦

```
17:48:10 13.6 OL
17:48:15 12.7 OB
18:30:00 12.0 OB
19:06:25 10.4 OB LB
```

6 ስቀንስለት ከቀኑ 11:48 ነው፣ እኛ ከወጣን በኋላ። ጎረቤት ያለው ካፌ ግን ማታ መብራት ነበረን ይላል። ላፕቶፑንም ጠዋት ጠዋት ጠፍቶ ነው የማገኘው፣ ተበላሽቷል ብዬ ነበር።

ጋሽ_ትራንስፎርመር (ሐሙስ፣ ከቀኑ 4:50)

በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የሚጠፋ መብራት የለም። እጅ አለበት። ማታ ማብሪያ ማጥፊያውን የሚዘጋው ማነው?

ሒሳብ_ሐዋሳ (ሐሙስ፣ ከቀኑ 8:05)

ዘበኛችን ናቸው! አሁን ጠየቅኳቸው። «ሌሊት እሳት እንዳይነሳ ብዬ ዋናውን አወርደዋለሁ፤ ከዚያ ያ ሳጥን አንድ ሰዓት ያህል ይጮሃል፣ ከዚያ ይተኛል» አሉኝ። ከተቀጠሩ ጀምሮ እንደዚያ ነው። ጠዋት ሲከፍቱ ያነሱታል፣ እኛ ስንገባ ደህና ነው።

ጋሽ_ትራንስፎርመር (ሐሙስ፣ ከቀኑ 8:40)

የ14 ወሩ ነገር ተፈታ። ይህ ዓይነቱ ባትሪ እስከ ባዶ ተጨልጦ መሞላትን የሚችለው ሁለት ሦስት መቶ ጊዜ ያህል ነው። ባትሪሽ በመብራት መጥፋት ብቻ ሳይሆን በየማታው ሲጨለጥ ከርሟል። ይባስ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ባዶውን ያድራል፤ ባዶ ሆኖ ያደረ ባትሪ ውስጡ እየደነደነ ነው የሚሄደው። ጠዋት መሞላት ሲጀምር ደግሞ በደንብ ለመሙላት ስድስት ስምንት ሰዓት ይፈልጋል፣ እናንተ ያላችሁት የሥራ ቀን ነው፣ በመሐል ደግሞ መብራት ይሄዳል።

ያ 100% እዚህም ላይ እንዳያታልልሽ፤ መብራት ከመጣ በኋላ ቮልቱ ቀድሞ 13.6 ይደርሳል፣ ባትሪው ሙሉ ግን አይደለም። ሁለተኛው መጥፋት በሁለት ሰዓት ውስጥ ከመጣ የሦስት ደቂቃውን ቅንብር ወደ አንድ አውርጂው።

ሰውየው ግን አልተሳሳቱም፣ እሳት መፍራት ደግ ነው። ኤሌክትሪሻን ጥሪና የዩፒኤሱን ሶኬት በራሱ ብሬከር ለይተሽ አስቀጥይ፣ እሱ ሌሊትም አይወርድም፤ ሌላውን ሁሉ ያውርዱት። ማታ ስትወጡ ዩፒኤሱን በፊት ለፊቱ ቁልፍ አጥፉት። አንዳንዱ ጠፍቶም ይሞላል፣ አንዳንዱ አይሞላም። የአንቺ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንድ ቀን ከሰዓት በአምፖል ትንሽ አድክሚው፣ ማታ አጥፍተሽ ሂጂ፣ ጠዋት ሳታበሪው፣ ሳትነቅዪውም፣ ልጁ በቴስተር ባትሪው ላይ ይለካ፤ እንደተሰካ ውስጡ 220 ስላለ ግን ሌላ ነገር እንዳይነካ። 13.5 አካባቢ ከሆነ ቻርጀሩ ሌሊቱን ሠርቷል።

ፍራንኮ_ስቱዲዮ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:20)

የኔን ረሳችሁት። `nut` ጭኜ አየሁት። ጄኔሬተር ላይ ስሆን `input.voltage` 221 ነው፣ `input.frequency` ግን 53 ብሎ ይጀምራል፣ የፎቶ ማተሚያው ሲነሳና ሲቆም 50 ይወርዳል 56 ይወጣል።

ጋሽ_ትራንስፎርመር (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:45)

ያንተ ባትሪ ላይሆን ይችላል። ዩፒኤሱ ቮልቱን ሳይሆን ፍሪኩዌንሲውን ነው የጠላው፤ መስመሩ 50 ሲሆን አንተ የምትሰጠው ይዋልላል። ትንንሽ ጄኔሬተሮች ባዶውን ሲሽከረከሩ ፈጥነው ነው፣ ሸክም ሲይዙ ወደ 50 ይወርዳሉ። መጀመሪያ የማይቋረጥ ጭነት፣ መብራቶችህን ለምሳሌ፣ አብራበትና ዩፒኤሱን ከዚያ በኋላ ስካው። ካልተስተካከለ መካኒኩ ፍጥነቱን ያስተካክልልህ። ማተሚያውን ግን ከዚያ ዩፒኤስ ጋር አንድ መስመር ላይ አታድርገው።

ፍራንኮ_ስቱዲዮ (ቅዳሜ፣ ከቀኑ 7:30)

መብራቶቹን አብርቼ ሞከርኩ። አሁን ተቀብሎታል፣ ማተሚያው ሲነሳ ግን አሁንም አንዴ ጠቅ ይላል። መካኒኩ ሰኞ ይመጣል።

ሒሳብ_ሐዋሳ (ሰኞ፣ ከቀኑ 3:40)

ብሬከሩ ተለየ። የኛው ጠፍቶም ይሞላል፤ ዛሬ ጠዋት ሳይበራ 13.6 ነበር። ዘበኛችን ደግሞ ጠዋት በር ላይ ጠብቀው «ልጄ፣ ያ ሳጥን ሦስት ቀን ሆነው አልጮኸም፣ ተበላሽቶ እንዳይሆን እዪው» አሉኝ።